ለኢንሹራንስ የምልከውን ደብዳቤ እዩልኝ፤ ካሳው ላይ ከተስማማን ሁለት ወር ሊሞላ ነው

ባለቪትዝ · ሰኔ 7፣ 2017

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩን ላሳጥረው። ጥር 12 ቀን ከአዳማ ስመለስ ውሻ ገባብኝ፤ መሪ ስጠመዝዝ ከመንገዱ ዳር ብረት ጋር ተላተምኩ። እኔ ተርፌያለሁ፣ ቪትዟ ግን አለቀላት። በሌላ ሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ኢንሹራንሴ አጠቃላይ ሽፋን ነው። ባለሙያቸው አይቶ ጥገናው አያዋጣም አለ፤ መጋቢት 10 ደግሞ ሙሉ ውድመት መሆኑን በደብዳቤ አሳወቁኝ።

የመድን ዋስትናው 1,250,000 ብር ነው። በፖሊሲው መሠረት 5% በእኔ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በ1,187,500 ብር ተስማምተን ፈርሜያለሁ። «ሁለት ሳምንት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ስደውል «ፋይናንስ ጋ ነው»፣ ፋይናንስ ስሄድ «ካሳ ክፍል ጋ ነው»። ሰልችቶኝ ይህን ጻፍኩ፤ ሰኞ ላስገባው ነው፦

«ለሚመለከተው ሁሉ። እኔ ለስድስት ዓመት አረቦኔን አንድም ቀን ሳላዛንፍ ስከፍል የኖርኩ ደንበኛ ስሆን፣ ድርጅታችሁ ግን በ16/4/2017 የተስማማንበትን ካሳ እስካሁን ባለመክፈሉ ልጆቼን በታክሲ ለማመላለስ ተገድጃለሁ። ይህ እጅግ አሳዛኝና ከአንድ ትልቅ ድርጅት የማይጠበቅ ነው። በአስቸኳይ ካልከፈላችሁ በሕግ እጠይቃለሁ።»

ይበቃል? ወይስ ጠንከር ላድርገው?

ሚኒባስ 3 · ሰኔ 7

ወንድሜ የገጨህ ሰው ሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የለውም እንዴ? የሱን ድርጅት ነው መያዝ ያለብህ። እኔ ባለፈው ዓመት ኋላዬን የገጨኝን ሰውዬ ይዤ ነው የጨረስኩት።

ባለቪትዝ · ሰኔ 7

የገጨኝ የለም ባክህ፤ ውሻ ነው። ውሻው ኢንሹራንስ የለውም።

ካሳ ቆጣሪ · ሰኔ 7

11 ዓመት ካሳ ክፍል ሠርቼ ወጥቻለሁ፤ አሁን በሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ደብዳቤህን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆኜ ላንብብልህ።

ደብዳቤህ መዝገብ ቤት ይገባል። ማህተም ይመታበታል፤ ሥራ አስኪያጁ ጋ ይቀርባል። እሱ ዳር ላይ «ካሳ ክፍል፣ ታይቶ ይቅረብ» ብሎ ይመራዋል። ከዚያ አንዲት ልጅ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። ልጅቷ ፊት 200 ፋይል አለ። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የካሳ ፋይሉን ቁጥር። አንተ አልጻፍክም። የፖሊሲ ቁጥር የለም። ታርጋ የለም። ስምህን ይዛ መፈለግ ትጀምራለች፣ ሦስት ሰው ያንተን ስም ይዞ ይመጣባታል፣ ሻይ ሰዓት ይደርሳል። ደብዳቤህ እዚያው አደረ።

ሁለተኛ፣ ቀኑ። 16/4/2017 ስትል እኔ የማነበው ታኅሣሥ 16 ቀን ነው። አደጋው የደረሰው ጥር 12 ነው አልክ። ስለዚህ አደጋው ሳይደርስ ካሳ ተስማማን እያልክ ነው። የፈረምክበት ወረቀት ላይ 16/04/2025 ነው የሚለው፣ አይደል? የእነሱ ሲስተም በፈረንጅ ቀን ነው የሚያትመው። አንተ ዓመቱን ብቻ ወደእኛ ለወጥከው፤ ቀኑንና ወሩን ረሳኸው። ሚያዝያ 8 ማለት ነው።

ይህን እንደ ቀልድ አትየው። ፋይል ሲመረመር ቀን ካልገጠመ «ይጣራ» ተብሎ ይመለሳል። እኔ ራሴ መልሼ አውቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ልትነግረኝ ያልፈለግከው ወይ የረሳኸው ነገር አለ። የተሰባበረችው መኪና የት ናት? ሊብሬውን አስረክበሃል? ሁለቱንም ቁልፍ? ባለንብረትነቱን ለእነሱ የምታዛውርበትን ውክልና ውልና ማስረጃ ሄደህ ፈርመሃል? በሙሉ ውድመት ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው። ቅሪቱን እነሱ በሐራጅ ሸጠው የተወሰነውን ለመመለስ ስለሚፈልጉ ስሙ ሳይዛወር ቼክ አይፈርሙም።

ባለቪትዝ · ሰኔ 7

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ቀኑን በተመለከተ አፈርኩ፤ ልክ እንዳሉት ነው። መኪናዋን ሚያዝያ 15 ግቢያቸው ድረስ በክሬን ወስጄ አስረክቤያለሁ። የርክክብ ቅጽ አለኝ፤ ሊብሬና ሁለት ቁልፍ ብሎ ተፈርሞበታል። ውክልናም ፈርሜያለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ጎደለ አላለኝም።

ብሔራዊ በሉት · ሰኔ 7

ደብዳቤ ምናምን ጊዜ ማባከን ነው። ኢንሹራንሶች ሁሉ በብሔራዊ ባንክ ሥር ናቸው። ቀጥ ብለህ ብሔራዊ ባንክ ሂድና አመልክት፣ በሳምንቱ ይከፍሉሃል። ደግሞ ከ30 ቀን ካለፈ እጥፍ እንዲከፍሉ የሚል ሕግ አለ፤ እሱን ጻፍባቸው።

ጠበቃዋ · ሰኔ 8

ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ አይደለም። ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ መሆኑ እውነት ነው፤ አቤቱታም ይቀበላል። ግን እዚያ ስትሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለድርጅቱ በጽሑፍ አመልክተሃል ወይ፣ ምን መለሱልህ?» ነው። ባዶ እጅህን ከሄድክ ተመልሰህ ትመጣለህ። ስለዚህ ደብዳቤው ይቀድማል።

እጥፍ የሚባል ነገር የለም። ያለው ወለድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1751 ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9% ነው። ገንዘብ በወቅቱ ያልከፈለ ሰው ይህን ወለድ ይከፍላል። በአንተ ሂሳብ 1,187,500 ብር ላይ በዓመት 106,875 ብር ይሆናል። በቀን ወደ 293 ብር። ብዙ አይደለም፣ ግን ቁጥሩን ደብዳቤው ላይ ሲያዩት «ይህ ሰው ቆጥሯል» ይላሉ።

ዋናው ነገር ሌላ ነው። ቁጥር 1772 ባለዕዳውን መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ስጠው ይላል። አንተ በስልክ የደወልከው፣ ቢሮ የተመላለስከው፣ ፍርድ ቤት ስትደርስ የለም ማለት ነው። ይህ ደብዳቤ ማስጠንቀቂያህ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር በግልጽ ሊኖርበት ይገባል፤ የሚከፈለው ምን ያህል እንደሆነና እስከ መቼ እንደሆነ። «በአስቸኳይ» ቀን አይደለም። ያንተ አስቸኳይና የእነሱ አስቸኳይ አይገናኙም።

ብሔራዊ በሉት · ሰኔ 8

የንግድ ሕጉ ተቀይሯል ግን። በ2013 አዲስ ወጥቷል። የድሮ ቁጥር እየጠቀስሽ እንዳታሳስችው።

ጠበቃዋ · ሰኔ 8

እኔ የጠቀስኩት ፍትሐ ብሔር ነው፣ ንግድ ሕግ አይደለም ወንድሜ። ግን ጥሩ አነሳህ። የ2013ቱ አዋጅ ሁሉንም አልነካም። የኢንሹራንስ ውል ክፍል በ1952ቱ የንግድ ሕግ ውስጥ እንዳለ ነው። እዚያ ቁጥር 674 ላይ ሁለት ዓመት የሚል የይርጋ ጊዜ አለ። አንተ ባለቪትዝ ያን ከአደጋው ቀን ቁጠረው፤ ጥር 12፣ 2019 ላይ ያበቃል ብለህ ያዝ። ደብዳቤ ጽፌያለሁ ብለህ እሱ ላይ ተደግፈህ እንዳትተኛ። ሰዎች «ድርድር ላይ ነን» እያሉ ሁለት ዓመት ሲያልፍባቸው አይቻለሁ።

የአዳማ ልጅ · ሰኔ 8

የኔን ልንገርህ። አራት ወር ደብዳቤ ጻፍኩ። ስድብ ሁሉ ጽፌ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ለካ መኪናውን በባንክ ብድር ነበር የገዛሁት፤ ፖሊሲው ላይ የካሳ ተቀባዩ ባንኩ ተብሎ ተጽፏል። ኢንሹራንሱ ከሦስት ወር በፊት ለባንኩ ከፍሏል! ባንኩ ብድሬን ቀንሶ ትራፊውን ሒሳቤ ውስጥ አስገብቶታል። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ያንን ሒሳብ ከፍቼ አላየሁም። ፖሊሲህን ገልጠህ የተጠቃሚውን ስም እይ ከመጻፍህ በፊት።

ባለቪትዝ · ሰኔ 8

ብድር የለብኝም፣ አይቻለሁ። ግን ልጠይቃችሁ። ገንዘቡ ከተገመተበት ጊዜ ወዲህ የቪትዝ ዋጋ እኮ ሰማይ ነክቷል። ብር በሐምሌ 2016 መጨረሻ በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ ጀምሮ ዋጋው ዝም ብሎ ነው የሚጨምረው። በ1,187,500 ተመሳሳይ መኪና አላገኝም። ይህንንም ልጻፍ?

ካሳ ቆጣሪ · ሰኔ 8

አትጻፈው። እዚህ ደብዳቤ ላይ አትጻፈው ማለቴ ነው። የመድን ዋስትናህ ጣሪያው ነው፤ ከእሱ በላይ አይከፍሉህም። ደግሞም ተስማምተህ ፈርመሃል። መጠኑን እንደገና ካነሳህ ፋይሉ ከክፍያ ወጥቶ ወደ ግምት ይመለሳል። ለእነሱ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለም። አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለህ፦ የተስማማነውን ክፈሉ። ልጆቹን በታክሲ ማመላለስህም፣ ስድስት ዓመት ደንበኛ መሆንህም ይውጣ። ልቤን ይነካዋል፣ ፋይሉን ግን አይነካውም።

የጊዜ ገደቡን በተመለከተ ደግሞ አንድ የውስጥ ነገር ልንገርህ። ሰኞ ሰኔ 9 ካስገባህ፣ አሥር የሥራ ቀን ብትሰጥ ሰኔ 23 ላይ ይወድቃል። ያ ቀን በፈረንጅ ጁን 30 ነው። የኢንሹራንሶች የሂሳብ ዓመት የሚዘጋው ያኔ ነው። ፋይናንሱ በዚያ ሳምንት ለራሱ እናት እንኳን አይከፍልም። ከዚያ «አዲሱ በጀት ይግባ» ይመጣል፣ ሐምሌ ይደርሳል። ስለዚህ አርብ ሰኔ 20 በል። እነሱም ከመዝጋታቸው በፊት ያልተከፈለ ካሳ በመዝገብ ላይ መታየቱን ብዙም አይወዱትም።

ጠበቃዋ · ሰኔ 8

ሰኔ 20 አጭር አይመስልህም? ዘጠኝ የሥራ ቀን ነው። ሕጉ በማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ጊዜ ተገቢ ይሁን ነው የሚለው።

ካሳ ቆጣሪ · ሰኔ 8

መጠኑ ላይ ተስማምተዋል፣ መኪናዋን ተረክበዋል። የቀረው ቼክ መጻፍ ነው። ለቼክ ዘጠኝ ቀን ይበዛል።

ባለቪትዝ · ሰኔ 8፣ ማታ

እሺ፣ እንደገና ጻፍኩት። ቁጥሮቹን እዚህ ሸፍኛለሁ፤ እዚያ ላይ ሙሉ ነው የሚሆኑት።

> ቀን፦ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም
>
> ለ፦ ……… ኢንሹራንስ አ.ማ፣ የካሳ ክፍል
>
> ጉዳዩ፦ የተስማማንበትን የካሳ ክፍያ እስከ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም እንድትፈጽሙ ስለመጠየቅ
> የካሳ ፋይል ቁጥር ………፣ የፖሊሲ ቁጥር ………፣ ታርጋ ኮድ 2 ………
>
> ከላይ በተጠቀሰው ፖሊሲ ቶዮታ ቪትዝ መኪናዬ ከጥቅምት 1 ቀን 2017 እስከ መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም የአጠቃላይ ሽፋን ዋስትና አላት። የመድን ዋስትናው 1,250,000 ብር ነው። አረቦኑ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል።
>
> መኪናዋ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም አደጋ ደርሶባታል። ጥር 14 ቀን ለድርጅታችሁ አሳውቄያለሁ። ጥር 19 ቀን ባለሙያችሁ መርምሯታል። መጋቢት 10 ቀን ሙሉ ውድመት መሆኑን በደብዳቤ አሳውቃችሁኛል። ሚያዝያ 8 ቀን (በእናንተ ሰነድ 16/04/2025) የመድን ገቢው ድርሻ 62,500 ብር ተቀንሶ በብር 1,187,500 (አንድ ሚሊዮን አንድ መቶ ሰማንያ ሰባት ሺህ አምስት መቶ) ተስማምተናል። ሚያዝያ 15 ቀን መኪናዋን፣ ሊብሬውንና ሁለት ቁልፎችን አስረክቤያለሁ። ኮፒዎቹ ተያይዘዋል።
>
> ከስምምነቱ ቀን ጀምሮ 61 ቀን ቢያልፍም ክፍያው አልተፈጸመም። ስለዚህ እስከ አርብ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም የሥራ ሰዓት ማብቂያ ድረስ ገንዘቡ ከዚህ በታች ባለው ሒሳቤ ገቢ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ክፍያውን የሚያዘገይ የጎደለ ሰነድ ካለ፣ ሁሉም በአንድ ዝርዝር እስከ ሰኔ 13 ቀን በጽሑፍ ይገለጽልኝ።
>
> ይህ ደብዳቤ በሕግ የሚፈለገው ማስጠንቀቂያ ነው። እስከተጠቀሰው ቀን ካልተከፈለኝ 9% ሕጋዊ ወለድ ጨምሬ ለፍርድ ቤት አመለክታለሁ፤ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም አቤቱታዬን አቀርባለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> (ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ)

ጠበቃዋ · ሰኔ 8

ይኸው ሰው ሆንክ። አንድ ነገር ብቻ፤ የፈረምክበት ወረቀት ምን ይላል? «ተስማምቻለሁ» ነው ወይስ «ተቀብያለሁ»?

ባለቪትዝ · ሰኔ 8

…አሁን አየሁት። «ከላይ የተጠቀሰውን ገንዘብ ተቀብዬ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» ይላል። 😐

ጠበቃዋ · ሰኔ 8

ይህን ነው የፈራሁት። አትደንግጥ፤ ገንዘቡ ከባንክ ወደ አንተ እንዳልገባ በሒሳብ መግለጫ ታሳያለህ። ግን ደብዳቤው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምር፦ «ሚያዝያ 8 ቀን የፈረምኩት ሰነድ ክፍያውን አስቀድሞ ቢገልጽም እስከዛሬ ምንም ገንዘብ አልተከፈለኝም።» እነሱ በዝምታ ካለፉት ይጠቅምሃል። ለሌሎቻችሁ፣ «ተቀብያለሁ» የሚለውን ሰርዛችሁ «ሲከፈለኝ» ብላችሁ በእጅ ጻፉበት፤ ከጎኑ ፈርሙ።

ካሳ ቆጣሪ · ሰኔ 8

ሁሉም ድርጅት እንዲህ ነው የሚያስፈርመው፣ ቅጹ የድሮ ነው። ተንኮል አይደለም አብዛኛውን ጊዜ። በእጅ ከሰረዙት ግን «አዲስ ቅጽ ፈርም» ብለው ይመልሳሉ፤ በሱ ሁለት ሳምንት ትጠፋለች። እኔ ሁለተኛ ወረቀት ጽፎ ማያያዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

ስታስገባ ሁለት ኮፒ ያዝ። አንዱ ላይ የገቢ ማህተም፣ ቁጥርና ቀን አስመታና ይዘህ ውጣ። መዝገብ ቤቷ «እዚህ አስቀምጠው» ብትልህ አትውጣ። ማህተሙ ካልተነበበ እንደገና ምቺው በላት። ያቺ ቀለም ናት ፍርድ ቤት የምትሄደው፣ ደብዳቤው አይደለም።

ባለቪትዝ · ሰኔ 17

ያለውን ልንገራችሁ። ሰኔ 9 አስገባሁ። ልጅቷ «ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ማህተም ይመታል» አለችኝ፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አርባ ደቂቃ። ከዚያ መታችው፣ ቁጥሩም ጥርት ብሎ ይነበባል።

ሰኔ 13 አለፈ፣ ዝም። ትናንት ሰኔ 16 በጽሑፍ መለሱ። ሁለት ወር ሙሉ በስልክ ያላሉኝን በአንድ መስመር ጻፉት። ውክልናው የባለቤቴን ፊርማ ይፈልጋል፤ መኪናዋ የተገዛችው በጋብቻ ውስጥ ስለሆነ። እሷ ደግሞ ዱባይ ናት። ሰነዱ ሲሟላ በአምስት የሥራ ቀን እንከፍላለን ይላል።

ይህን ሚያዝያ ላይ ቢነግሩኝ ኖሮ እስካሁን አልቆ ነበር። ባለቤቴ ሐሙስ ቆንስላ ቀጠሮ ይዛለች። ከዚያ ሰነዱ እዚህ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ። ሰኔ 20 አይደርስም ማለት ነው። ወለዱ ታዲያ ይቆጠራል?

ካሳ ቆጣሪ · ሰኔ 17

ሰነዱ በእውነት የሚያስፈልግ ነው። ያላገባ ወይም ያገባ ማስረጃ ሳይኖር ስም አይዛወርም። ስለዚህ እስኪሟላ ድረስ ወለድ አይታሰብም ባይ ነኝ። አሁን አጭር መልስ ጻፍላቸው፤ ቼኩ ተዘጋጅቶ ይቆይ፣ ውክልናው በገባ በአምስተኛው የሥራ ቀን ይሰጠኝ፣ ሌላ የሚጎድል እንደሌለ አረጋግጡልኝ በል። ያችን የመጨረሻዋን እንዳትረሳት። አለበለዚያ ሐምሌ ላይ ሌላ ወረቀት ይወለዳል።

ጠበቃዋ · ሰኔ 17

እኔ አልስማማም። ሚያዝያ 15 ሰነድ ሲረከቡ ጎደለ አላሉም፤ ውክልናውንም ተቀብለውታል። ለመጠየቅ ሁለት ወር የፈጁት እነሱ ናቸው፤ ለዚያ ጊዜ እከራከራቸዋለሁ እንጂ አልተውላቸውም። ዳኛው ይቀበለዋል ወይ ካልከኝ፣ እንደ ዳኛው ነው። ባለቪትዝ፣ መልስህ ላይ «የወለድ ጥያቄዬን እንደጠበቅኩ ነው» የምትል አንዲት ሐረግ አስገባ። ዋጋ አታስከፍልህም።

ሚኒባስ 3 · ሰኔ 17

ውሻው ነው ግን ይህን ሁሉ ያመጣው።

ባለቪትዝ · ሰኔ 17

😂 ሁለቱንም አስገብቼ ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ። ወንበሯንም አውቄያታለሁ አሁን።